የቅድመ በረራ ወረቀታችን እና የ4 ቁጥር ሞተር ዳዶ

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለክለቡ ድሮን የቅድመ በረራ ቼክሊስት መጻፍ ጀመርን። ድሮኑ ባለ አራት ሞተር ነው። ፍሬሙ በሰያፍ ከሞተር እስከ ሞተር 45 ሴንቲሜትር፣ ፕሮፔለሩ 10 ኢንች፣ ባትሪው ባለ 3 ሴል ሊፖ። ባትሪው ሲጫንበት ከአንድ ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ማስታወሻውን የምይዘው ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ነው። እኛ የተሳሳትነውን እነሱ እንዳይደግሙት።

የምናበረው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ውጭ አይነሳም፤ የድሬዳዋ ኤርፖርትም ቅርብ ነው። አሮጌ የጎል መረብ ከጣሪያው ብረት ላይ አንጠልጥለን አዳራሹን ለሁለት ከፍለነዋል። ሰው ከመረቡ ወዲህ፣ ድሮን ከመረቡ ወዲያ።

ልጆቹ እየተናገሩ እኔ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። 38 መስመር ሆነ። አብዛኛው «ሞተሮችን አረጋግጥ»፣ «ባትሪ አረጋግጥ»፣ «ፕሮፔለር መጥበቁን አረጋግጥ» የሚል ነው። አንዱን መስመር ግን እኔ ራሴ አጥብቄ አስገባሁት፦ «ከእያንዳንዱ በረራ በፊት አራቱንም ፕሮፔለር ፍታ፣ ሞተሮቹን አስነሳ፣ ሪሞቱን አጥፋ፣ ሞተሮቹ መቆማቸውን እይ፣ ፕሮፔለሮቹን መልሰህ እሰር»። ከሁሉም የበለጠ ጠባቂ መስመር ይህ ነው ብዬ አምኜበት ነበር። ነገሩ ወደ ኋላ ይመጣል።

ወጪ፦ ለሁለት ገጽ ኅትመትና ላሚኔሽን 90 ብር።

የካቲት 14

ሁለቱም ጾም ስለገጠመ ሥራውን ጠዋት አደረግነው። ከሰዓት ሙቀቱም አይቻልም።

ወረቀቱን ለመጨረስ 25 ደቂቃ ፈጀ። በረራው 6 ደቂቃ ነው። ከ20ኛው መስመር በኋላ ልጆቹ ሳያዩ ራይት ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልፈረድኩባቸውም።

ሆኖም ያ የእኔ መስመር በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ሠራ። ፕሮፔለር ፈታን፣ ሞተር አስነሳን፣ አንዷ ተማሪ ሪሞቱን አጠፋችው። ሞተሮቹ መዞራቸውን ቀጠሉ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሰከንድ። ባትሪውን ነቀልኩት።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ድሮኑ ላይ ያለው የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ከሪሞቱ ጋር ያለው ግንኙነት ሲቋረጥ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀራል፤ ሞተሮቹን ለሚያዘው ፍላይት ኮንትሮለርም እሱኑ ደጋግሞ ይልካል። ኮንትሮለሩ ትእዛዝ እየደረሰው ስለሆነ መቋረጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አየር ላይ ቢሆን ኖሮ በያዘው ስሮትል፣ ማለትም በያዘው የሞተር ኃይል መጠን፣ እስከ ግድግዳው ይሄድ ነበር።

መፍትሔው ሪሞቱ ውስጥ ነው። በፌይልሴፍ ሜኑ ገብተን ሞተር የሚያስነሳው ማብሪያ ያለበትን ቻናል፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ወደ «ጠፍቷል» እንዲሄድ አደረግነው። ደግመን ሞከርን። ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሮቹ አንድ ሰከንድ ያህል ዘግይተው ቆሙ።

አንድ መስመር ዛሬውኑ ሰረዝን። ከሌላ ቦታ የቀዳነው ነው፦ «በግማሽ ስሮትል ከመሬት መነሳት አለበት» ይላል። የእኛ በግማሽ አይነሳም፤ 58 በመቶ አካባቢ ነው የሚነሳው። ልጆቹ ሞተር የደከመ መስሏቸው ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚያ ላይ 35 ዲግሪ ሲጨመር አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው መደበኛ አየር በአምስት አንድ እጅ ገደማ ይሳሳል። ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፈጥኖ መዞር አለበት። በመስመሩ ፋንታ የራሳችንን ቁጥር ጻፍን።

የካቲት 21

የባትሪው ቀን። «ባትሪ አረጋግጥ» የሚለው መስመር ላይ ልጆቹ 12.10 ቮልት ብለው ጻፉ። የተስማማነው «ከ12 በላይ ከሆነ ይበራል» በሚል ነበር፤ ሙሉ ሲሆን 12.60 ነው። አስነሳን፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ደወሉ ጮኸ። አወረድነው።

ባለ 600 ብሯን የሴል መለኪያ በባላንስ መሰኪያው ላይ ስንሰካት ነገሩ ታየ። ባትሪውን ሳንነካው ከበረራው በፊት የነበረውን ከቻርጀሩ ስክሪን ላይ ፎቶ አንስተው ነበርና ከፎቶው እንዲህ ይነበባል፦ አንዱ ሴል 4.15፣ ሁለተኛው 4.14፣ ሦስተኛው 3.81። ሲደመር 12.10። ድምሩ ደህና ነው፤ ሦስተኛው ሴል ግን ገና ሳይነሳ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሞተሮቹ ሲጎትቱ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው፤ ሊፖ ሴል ደግሞ ከ3.0 በታች ደጋግሞ ከወረደ ይበላሻል፣ ያብጣልም።

አዲሱ መስመር እንዲህ ሆነ፦ «ሦስቱን ሴሎች አንብብ። ትንሹ ከ4.10 በታች ከሆነ፣ ወይም በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.05 ከበለጠ አይበርም»። «አረጋግጥ» የሚለውን ቃል አወጣነው። አንብብ ሲባል ቁጥር መናገር ግድ ነው፤ ሳያዩ ራይት ማድረግ አይቻልም።

ማበጡንም በዓይን መገመት ትተናል። ባትሪውን ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ማጋደም፣ አንዱን ጥግ በጣት መጫን። ሆዱ ላይ ከተወዛወዘ አብጧል። ያቺን ባትሪ ለይተን አሸዋ ባለበት ባልዲ ውስጥ፣ ከሕንፃው ውጭ ጥላ ሥር አስቀመጥናት።

የካቲት 28

ዛሬ ወደቀ።

ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ ነበር። ሳይንቀሳቀስ። ከዚያ «ጣ» የሚል ድምፅ፤ የፊት ግራው ክንድ ወደ ታች አዘነበለ፣ ድሮኑ በዚያው አቅጣጫ ተገልብጦ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ማንም አልተጎዳም፤ መረቡ ነበር፣ ሁሉም ከመረቡ ወዲህ ነበሩ። የወለቀው ፕሮፔለር ከወንበሮቹ ሥር ተገኘ፤ ምንም አልሆነም። ፕሮፔለሩን የሚይዘው ዳዶ ከመድረኩ ጥግ ተገኘ። ክሩ ደህና ነው። አልተበላም፣ አልተሰነጠቀም። በቃ ተፈትቶ ወጥቷል።

የ4 ቁጥር ሞተር ነው። ቁጥሩ ፍላይት ኮንትሮለሩን በምናስተካክልበት ፕሮግራም፣ በቤታፍላይት፣ ላይ እንዳለው ነው፦ 1 የኋላ ቀኝ፣ 2 የፊት ቀኝ፣ 3 የኋላ ግራ፣ 4 የፊት ግራ።

ወረቀቱን አነሳሁት። «ፕሮፔለር መጥበቁን አረጋግጥ» ራይት ተደርጎበታል፣ ፊርማም አለው። የፈረመችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቀይ ሆነች። «አቦ ቲቸር፣ ወላሂ ይዤ ነቅንቄዋለሁ፣ ጥብቅ ነበር» አለች። አመንኳት። ልጅቷ ጠንቃቃ ናት፣ መስመሩ የጠየቃትን አድርጋለች። ሲነሳ ጥብቅ የነበረ ዳዶ አየር ላይ ለምን እንደሚፈታ ወረቀቱም እኔም አናውቅም ነበር።

ወጪ፦ አንድ ክንድ 900 ብር፣ ሁለት የተሰበሩ ፕሮፔለሮች (የኋላዎቹ) 450 ብር።

መጋቢት 5

በረራ የለም። ድሮኑን በሁለት የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ከከባድ ጠረጴዛ ጋር ጥርቅም አድርገን አስረን ከመረቡ ወዲያ አደረግነው። ፕሮፔለር ታስሮ፣ ዝቅ ባለ ስሮትል፣ ለ2 ደቂቃ ማዞር፤ ከዚያ ባትሪ ነቅሎ ማየት።

የሚታየው በኩቴክስ ነው። አንዷ ከቤቷ ቀይ የጥፍር ቀለም ይዛ መጣች። ከዳዶው ጎን ተነስቶ እስከ ሻፍቱ ጫፍ የሚደርስ አንድ ቀጭን መስመር አራቱም ላይ አሰመርን። ዳዶው ፀጉር ታህል ቢዞር መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። በእጅ ነቅንቆ የማይገኘውን ይህ ያሳያል። በ5 ደቂቃ ይደርቃል፤ የእኛ ሙቀት ላይ በ3።

9 ጊዜ አዞርን። የ1 ቁጥር መስመር 5 ጊዜ ተከፈለ፣ የ4 ቁጥር 6 ጊዜ። 2 እና 3 አንድም ጊዜ አልተከፈሉም።

አንድ ልጅ «ዳዶው ይሆናላ ችግሩ፣ የ2ን ወደ 4 እናዛውረው» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። አዛወርን። የ4 መስመር አሁንም ተከፈለ፤ ወደ 2 የሄደው የ4 ዳዶ ግን ቁጭ ብሎ ቀረ። ስለዚህ ቦታው ነው።

1 እና 4 የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ከላይ ሲታዩ ሁለቱም በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ። 2 እና 3 በተቃራኒው። እዚህ ላይ ቆመን ተያየን።

መልሱን ያመጣው ዝም ብሎ ሲያይ የነበረ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። ድሬ ውስጥ ቬንቲሌተር ፈትቶ አቧራውን ያላጠበ ልጅ የለም። «ቲቸር፣ የቬንቲሌተር ክዳን እኮ በተቃራኒ ነው የሚፈታው» አለ። ልክ ነው። የጠረጴዛ ቬንቲሌተር ምላጩን የሚይዘው የመሐል ክዳን በሰዓት አቅጣጫ ሲያዞሩት ይፈታል። ሁላችንም በእጃችን እናውቀዋለን፣ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ለምን እንደሆነ ይኸው። ሞተሩ ፕሮፔለሩን በሰዓት አቅጣጫ ይገፋል፤ አየሩ ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ከሻፍቱ አንጻር ትንሽ ከተንሸራተተ የሚንሸራተተው በሰዓት ተቃራኒ ነው። ከላዩ የተጫነውን ዳዶም ይዞት ይሄዳል። ተራ ዳዶ በሰዓት ተቃራኒ ሲሄድ ይፈታል። በ2 እና በ3 ላይ ያው አየር ዳዶውን ያጠብቃል። በቬንቲሌተሩ ላይ ክሩ የተገለበጠው ለዚሁ ነው። ድሮን ላይም በሰዓት አቅጣጫ ለሚዞሩት ሁለት ሞተሮች ግራ ክር ያለው ሻፍት የሚሠራላቸው አለ፤ የእኛ ግን አራቱም ቀኝ ክር ናቸው።

ከዚራ ሰፈር ካሉት የዕቃ መለዋወጫ ሱቆች ሦስቱን ጠየቅሁ። ግራ ክር ያለው ሻፍትና ዳዶ የለም።

መጋቢት 12

አንድ ነገር አልተዋጠልኝም ነበር። ዳዶዎቹ ናይለን ቀለበት ያላቸው፣ በራሳቸው የሚይዙ ናቸው። አቅጣጫው ቢገፋቸውም መያዝ ነበረባቸው። ባለፈው ዓመት ስናበር አልወለቁም።

የወርክሾፑን ባለሙያ፣ ጋሼን፣ ጠየቅኋቸው። አንዱን ዳዶ ተቀብለው በጣታቸው ብቻ እስከ መጨረሻው አስገቡት። ቁልፍ አላነሱም። «ይሄ ናይለኑ አልቋል፤ ስንት ጊዜ ፈታችሁት?» አሉኝ።

ተቀምጠን ቆጠርን። ከየካቲት 14 እስከ 28 ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሠርተናል፤ ሰባት ቀን። በየቀኑ ሁለት ቡድን፣ እያንዳንዱ ከበረራው በፊት አራቱንም ይፈታል፣ ይመልሳል። አሥራ አራት ጊዜ። ያውም ባለፈው ዓመት ከነበረው በላይ። የናይለን ዳዶ የሚይዘው የሻፍቱ ክር ናይለኑን ቆርጦ ሲገባ ነው፤ በተፈታና በታሰረ ቁጥር መንገዱ እየሰፋ ይሄዳል።

ማለት፣ ዳዶውን ያደከመው የእኔ መስመር ነው። ፕሮፔለሩን ለደኅንነት ብለን በየበረራው ስንፈታ ፕሮፔለሩን የሚይዘውን ነገር ጨረስነው። ለልጆቹ ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረዳኋቸው፤ የፈረመችዋንም ልጅ ፊት ለፊት ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገርኳት።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላኩ 10 አዳዲስ ናይለን ዳዶዎች ደረሱ፤ ከነማድረሻው 350 ብር። አራቱን ቀየርን፣ ኩቴክስ አሰመርን፣ ከጠረጴዛው ጋር አስረን 9 ጊዜ አዞርን። አንድም መስመር አልተከፈለም። 1 እና 4ም ጭምር። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው የሚወልቀው፦ የሚያስፈታ አቅጣጫ እና ያለቀ ናይለን። አቅጣጫውን መለወጥ አልቻልንም፤ ናይለኑን እንችላለን።

አዲስ መስመር፦ «ዳዶውን ስታስገባ ክሩ ናይለኑ ጋ ሲደርስ በጣት መዞሩ መቆም አለበት። በጣት ካለፈ ጣለው»። ጣለው ማለት ሣጥን ውስጥ መልሰህ አስቀምጠው ማለት አይደለም። ሣጥን ውስጥ ከገባ አንድ ቀን ሰው ያነሳዋል። እኛ አሮጌዎቹን በፒንሳ ጨፍልቀናቸዋል።

መጋቢት 19

አሁን ጥያቄው ይኸው ነው፦ ፕሮፔለር ካልፈታን ፌይልሴፉን በምን እናያለን? ፕሮፔለር ታስሮ በባትሪ መሞከር አይታሰብም።

ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው በሳምንት አንዴ ብቻ መፍታት። ሁለተኛው በላፕቶፕ። ባትሪውን ጨርሶ ሳንሰካ ድሮኑን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ስናገናኝ ፍላይት ኮንትሮለሩና ሪሲቨሩ ይበራሉ፤ ሞተሮቹ ግን ኃይላቸውን ከባትሪው ብቻ ስለሚያገኙ ሊዞሩ አይችሉም። በቤታፍላይት `Receiver` ገጽ ላይ የማስነሻ ማብሪያችን `AUX 1` ነው። ማብሪያውን እናበራለን፣ አሞሌው ወደ 2000 ይሄዳል። ሪሞቱን እናጠፋለን፤ አሞሌው ወደ 1000 መመለስ አለበት። 2000 ላይ ከቀረ የየካቲት 14ቱ ችግር ተመልሷል።

ሞከርነው፤ ይሠራል። ሆን ብለን ፌይልሴፉን አጥፍተንም አየን፤ 2000 ላይ ተገትሮ ቀረ። ስለዚህ ስህተቱንም ያሳያል። ሁለተኛውን መረጥን። 2 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዳዶ አይነካም።

ገደብ አለው። ሞተሩ በእውነት መቆሙን አያሳይም፤ ትእዛዙ መቋረጡን ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለር ተፈትቶ በባትሪ የሚደረገው ሙሉ ሙከራ አልቀረም፤ በወር አንዴ፣ እንዲሁም የሪሞት ወይም የኮንትሮለር ሴቲንግ በተነካ ቁጥር ይደረጋል።

በዚህ ምክንያት አንዱ ወረቀት ለሦስት ተከፈለ። የሞተር አዟዟር አቅጣጫ በራሱ ጊዜ አይለወጥም፤ ሽቦ ካልተነካ በየበረራው ማየት ጊዜ ማጥፋት ነው። እሱ «ከጥገና በኋላ» ካርድ ላይ ገባ። የፍሬም ቡሎኖችና የሻፍት መጣመም የሳምንት ካርድ ላይ። የየበረራው ካርድ ላይ የቀረው ካለፈው በረራ ወዲህ ሊለወጥ የሚችለው ብቻ ነው። ከ38 ወደ 9 ወረደ።

መጋቢት 26

የየበረራው ካርድ አነባበብ። ሁለት ልጆች ናቸው። አንዱ ያነባል፣ ሌላኛው እጁን ድሮኑ ላይ አድርጎ ያየውን ይናገራል። አንባቢው «እሺ» የሚለው የሰማውን ቁጥር ካርዱ ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ ነው። ዛሬ ጠዋት የተደረገውን እንዳለ ልጻፈው።

«የባትሪ ሴሎች?»
«4.18፣ 4.17፣ 4.18።»
«ጠረጴዛ ላይ?»
«አይወዛወዝም።»
«የ1 ቀይ መስመር?»
«አንድ ነው።»
«የ4?»
«አንድ... ቆይ። ተከፍሏል።»

ተከፍሏል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ዳዶው ላይ ያለው ቀይ ከሻፍቱ ቀይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ግራ ሄዷል። በእጅ ሲነቀነቅ ፕሮፔለሩ ጥብቅ ነው። የዛሬ ወር ቢሆን ኖሮ «ጥብቅ ነው» ተብሎ ይነሳ ነበር። ባትሪው አልተሰካም። በ8 ቁጥር ቁልፍ ፈታነው። ከወጣ በኋላ በጣት ሞከርነው፤ ናይለኑን አለፈ። ከገባ 14 ቀኑ ነው። በፒንሳ ተጨፈለቀ፣ አዲስ ገባ፣ ኩቴክስ ተሰመረ፣ 3 ደቂቃ ጠበቅን።

ማን ፈትቶት እንደነበር ጠየቅን። ማክሰኞ ዕለት አንዱ ቡድን የሞተሩን አቧራ ለማጽዳት የ4ን ፕሮፔለር ሦስት ጊዜ ፈትቷል። ካርዱ ላይ «ዳዶ የፈታ ቀኑንና የሞተሩን ቁጥር ይጻፍ» የሚል 10ኛ መስመር ጨመርን። የናይለን ዳዶ ከአምስት መፈታት በኋላ እንዲቀየር ወስነናል፤ የጣቱ ሙከራ ቀድሞ ካስጣለው ያኔውኑ።

ቀሪ ዳዶ፦ 5። ግራ ክር ያላቸው ሁለት ሻፍቶች ታዘዋል፤ አልደረሱም። ሲደርሱ 1 እና 4 ላይ ይገባሉ፤ ሣጥናቸው ላይ «ወደ ግራ ይጠብቃል» ተብሎ መጻፍ አለበት፣ አለዚያ አንዱ ልጅ በቀኝ ልማዱ ክሩን ይበላዋል።

በረራው 6 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ቆየ። ከወረደ በኋላ አራቱም መስመር አንድ ነበሩ።